ለምን ሦስት?

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰበታ ቡራዩ እየሄድኩ ለጥቂት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ፓይተን አስተምራለሁ። በቅርቡ አንድ የቤት ሥራ ሰጠኋቸው፦ ዓመተ ምሕረት ተቀብሎ የዚያን ዓመት የጳጉሜ ቀናት ብዛት የሚመልስ ፕሮግራም። ሁለት ተማሪዎች፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ ቃል በቃል አንድ ዓይነት ኮድ አመጡልኝ።

```
def pagume(y):
    return 6 if y % 4 == 3 else 5
```

መጀመሪያ ልጁን "ኮድህን አስረዳኝ" አልኩት። ፍጥነቱ ይገርማል! ዓመቱ ለአራት ተካፍሎ ቀሪው ሦስት ከሆነ ስድስት፣ ካልሆነ አምስት። እሷ ግን ቤቷ የምትናገረው ኦሮምኛ ነው፤ አማርኛው ላይ ቃል ጠፋባትና ዝም አለች። እውነቱን ልናገር፣ የገለበጠችው እሷ ናት ብዬ በልቤ ፈርጄ ነበር።

ደግነቱ የራሴ ጉድ ትዝ አለኝ። የመመረቂያ ፕሮጀክቴን ዲፌንስ ሳደርግ ጓደኛዬ የጻፈውን ክፍል ጭምር ሸምድጄ አስረድቼ አልፌያለሁ። "አስረዳ" የሚለው ጥያቄ መልሱ ኮዱ ላይ ስላለ ማንበብ የቻለ ሁሉ ያልፈዋል። ስለዚህ ኮዱ ላይ የሌለ ነገር ጠየቅኩ።

"ለምን ሦስት? ለምን ዜሮ አይሆንም?" ልጁ "ቀመሩ ነው" አለ። 2015 ጳጉሜ ስድስት እንደነበረች ያውቃል፤ ከቀመሩ ጋር ግን አላገናኘውም።

ቀጥዬ ለሁለቱም ወረቀት ሰጠሁና ላፕቶፑን ዘጋሁት። "ተጠቃሚው በዓመተ ምሕረት ፈንታ ዓመተ ዓለም ቢያስገባስ? ለ2015 ፈንታ 7515 ቢጽፍ ኮዱ ላይ ምን ትቀይራላችሁ?"

ልጁ መጀመሪያ 5500 መቀነስ አለበት አለ። ስህተት አይደለም፣ ውጤቱ ትክክል ይመጣል። "ሳትቀንስ ብትተወውስ?" ስለው ግን "ይበላሻል" አለ።

እሷ ምንም አልተናገረችም። 5500 ÷ 4 = 1375 ብላ ጻፈችና እስክሪብቶውን አስቀመጠች። 5500 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል 2015ም 7515ም ቀሪያቸው ያው ሦስት ነው፤ ኮዱ አይነካም። ከዚያ በኦሮምኛ የሆነ ነገር አለች። ጓደኛዋ ተረጎመልኝ፦ "ሦስት ማለት ሉቃስ ነው።" የሉቃስ ዘመን ጳጉሜ ስድስት ትሆናለች። እኔ ራሴ ጥያቄውን ሳዘጋጅ ስለ ወንጌላውያኑ አላሰብኩም ነበር።

በእርግጥ ይሄ ኮዱን ማን እንደጻፈው አያረጋግጥም። ገልብጣ በኋላ ገብቷት ሊሆን ይችላል፤ ልጁም ጽፎት ተደናግጦ ሊሆን ይችላል። ለሁለቱም ውጤት የሰጠሁት በወረቀቱ ላይ ባየሁት ነው። ልጁን "ለሚቀጥለው ቅዳሜ ወንጌላዊውን የሚመልስ ፕሮግራም ጻፍ" አልኩት።

ይዞ መጣ። ከማየቴ በፊት "ዮሐንስ ላይ ቀሪው ለምን ዜሮ እንደሆነ ጠይቀኝ" አለኝ።