ደብረ ሲና መቅረት ወይስ አዲስ አበባ መግባት

በደብረ ሲና ያደገ የሒሳብ ምሩቅ አዲስ አበባ ልግባ ወይስ እዚሁ ልቅር ሲል መጀመሪያ የሚያየው ደመወዙን ነው፤ ይሁን እንጂ የመንግሥት የደመወዝ ስኬል፣ ማለትም በደረጃና በእርከን የተደለደለው ክፍያ፣ በወረዳም በዋና ከተማም ተቀራራቢ በመሆኑ ልዩነቱ የሚገለጠው በወጪው ነው። ከወላጆቹ ጋር የሚኖረው የወረዳ ሠራተኛ ኪራይ አያውቅም፤ አዲስ አበባ የገባው ጓደኛው ግን ለአንዲት ክፍልና ለታክሲ ከፍሎ በተረፈችው ወሩን ይገፋል።

የትንሽ ከተማ ጉድለት የሚታወቀው ዘግይቶ ነው፤ በወረዳ መሥሪያ ቤት የኃላፊነት መደብ፣ ማለትም በእድገት የሚያዝ ቦታ፣ ጥቂት ስለሆነ ባለሙያው የበላዩ ወንበር እስኪለቀቅ ዓመታት ይጠብቃል። ለነጋዴ ግን ስሌቱ ይገለበጣል፤ ወደ ደሴ የሚያልፈው መኪና ከጣርማ በር ዋሻ ቁልቁል ወርዶ ሲቆም ቆሎ የሚገዛው መንገደኛ የዋና ከተማውን ገበያ እደጃፉ ድረስ ያመጣለታል።

ሦስተኛው መንገድ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ደብረ ብርሃን ናት፤ ዩኒቨርሲቲና የኢንዱስትሪ ፓርክ ስላላት ለሙያው ሰፋ ያለ የእድገት በር ትከፍታለች፣ ከቤተሰብ እድርና ለቅሶም አታስቀርም።