«ብር እዚህ ይገኛል» ያለው ሱቅ

ከደጀን ተነስቶ በቢቸና አድርጎ ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ዳር አማርኛና ላቲን የተቀላቀሉባቸው ሰሌዳዎች ብዙ ናቸው። ባንኩም፣ ፋርማሲውም፣ ሆቴሉም በሁለት ፊደል ይጠራል። መንገደኛ በዚህ አይቸገርም፤ ዓይኑ የሚያውቀውን ፊደል መርጦ ያልፋል። ጣጣው የሚጀምረው አንድ ሰው ሰሌዳውን ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ ሲቀመጥ ነው።

አንድ የሞጣ ልጅ እንዲህ ያለ ሥራ ይዞ ነበር። በስልክ የተነሱ የሰሌዳ ፎቶዎችን እያየ በኮምፒውተር ይጽፋል። የተሰጠው ሠንጠረዥ ሁለት ዓምድ ብቻ አለው፦ በግራ «አማርኛ»፣ በቀኝ «እንግሊዝኛ»። አንዱ ፎቶ የወኪል ሱቅ ነው፤ በሩ ላይ «CBE ብር እዚህ ይገኛል» ተጽፏል። ልጁ እንደታዘዘው CBE የሚለውን ወደ ቀኝ፣ የቀረውን ወደ ግራ አስገባ። ሠንጠረዡ ላይ የቀረው አማርኛ «ብር እዚህ ይገኛል» ሆነ። እንዲህ ያለ ሱቅ ቢኖር የሞጣ ሰው ሁሉ ከደጃፉ ይሰለፍ ነበር!

ጥፋቱ የልጁ አይደለም፣ የሠንጠረዡ ነው። «CBE ብር» የአንድ አገልግሎት ስም ነው። ግማሹ በላቲን፣ ግማሹ በግዕዝ ፊደል ስለተጻፈ ሁለት ስም አይሆንም። በአንድ መስመር የተጻፈ ነገር በአንድ መስመር መቆየት አለበት፤ እያንዳንዱ ቃልም በተጻፈበት ፊደል። «ሲቢኢ ብር» ብሎ መጻፍም ሌላ ስህተት ነው፣ ሰሌዳው እንዲያ አይልምና።

ትላልቆቹ ሰሌዳዎች ደግሞ በሌላ መንገድ ያሳስታሉ። በግራ በኩል አማርኛው፣ በቀኝ እንግሊዝኛው ጎን ለጎን የቆመበትን የባንክ ሰሌዳ እናስብ። አማርኛው በሁለት መስመር ያልቃል፤ እንግሊዝኛው ሦስት ይፈልጋል። ከግራ ወደ ቀኝ መስመር ለመስመር የጻፈ ሰው ይህን ያገኛል፦

```
የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ Commercial Bank
ሞጣ ቅርንጫፍ of Ethiopia
Mota Branch
```

መሃሉን ያነበበ ሰው «የኢትዮጵያ ሞጣ ቅርንጫፍ» የሚባል ነገር ያለ ይመስለዋል። አማርኛው ኢትዮጵያን ከፊት፣ እንግሊዝኛው ከኋላ ስለሚያስቀምጥ ግራ መጋባቱ ይብሳል። ምልክቱ ግን ግልጽ ነው፦ of የሚለው ቃል ከአማርኛ መስመር ጀርባ ተንጠልጥሎ ከተገኘ ጽሑፉ ተሰባብሯል ማለት ነው። ትክክለኛው አንዱን ዓምድ ከላይ እስከ ታች ጨርሶ ወደ ሌላው መሻገር ነው፤ ዓይን ሰሌዳውን የሚያነበውም እንዲሁ ነው። ሁለቱ ጽሑፎች ከላይና ከታች ከሆኑ ደግሞ እንደ ተደረደሩ መውረድ ይበቃል።

ስለ አጻጻፍም ቢሆን ያው ነው። አንዱ «ቢቸና» ሲል ሌላው «ብቸና» ይላል፤ ላቲኑም አንድ ቦታ Mota፣ ሌላ ቦታ Motta ነው። ማስተካከል ያማረው ሰው የተስተካከለውን በሌላ ዓምድ ይጻፍ፤ ሰሌዳው ያለው ግን እንዳለ ይቀመጥ። አለበለዚያ Motta ብሎ የሚፈልግ ሰው ሰሌዳው ላይ ፊት ለፊት የተጻፈውን ቦታ ሊያጣው ይችላል።

«ይህ ሁሉ ስለ ባንክ ሰሌዳ?» የሚል አንባቢ ካለ የመኪናውን ሰሌዳ ይመልከት። ለዓመታት ስንለምደው የኖርነው የመኪና ሰሌዳ ራሱ ድብልቅ ነው፦ የኮድ ቁጥር፣ የክልሉ ምህጻር በሁለት ፊደል (አማ እና AM፣ አአ እና AA)፣ ከዚያ ተራ ቁጥሩ፤ አንዳንዴም ከቁጥሩ ፊት አንድ የላቲን ፊደል። ተራ ቁጥሩ ብቻውን መኪናውን አይለይም። ኮድ 2 የግል መኪናና ኮድ 3 የንግድ መኪና አንድ ዓይነት ተራ ቁጥር ሊይዙ ይችላሉ፤ የአማራና የአዲስ አበባ መኪኖችም እንዲሁ።

አሁን በቢቸናና በሞጣ መካከል አንድ የጭነት መኪና ሰው ገጭቶ አመለጠ እንበል። ምስክሩ ያየው «3 አአ AA A12345» ነው። በጽሑፍ የያዘው ሰው «A ማለት አ ነው» ብሎ ሁሉንም ወደ አማርኛ መልሶ «ኮድ 3 አአ 12345» ብሎ ቢመዘግብስ? ከቁጥሩ ፊት የነበረችው A የክልሉ ምህጻር ድግግሞሽ መስላ ጠፍታለች፤ የቀረው የሌላ ሰው መኪና ሊሆን ይችላል። ያ ሌላ ሰው በዚያች ቀን አዲስ አበባ እንደነበር እስኪያስረዳ ድረስ ፖሊስ ጣቢያ ይመላለሳል፤ የገጨው መኪና ደግሞ ጭነቱን አራግፎ ይመለሳል።

ምስክር የሚይዝ ሰው ከግራ ጀምሮ አንድ በአንድ ይጻፍ፦ መጀመሪያ ኮዱን፣ ቀጥሎ አማርኛውን ምህጻር፣ ከሥሩ ያለውን ላቲን፣ ከዚያ ብቻዋን የቆመችውን ፊደል በላቲንነቷ፣ በመጨረሻም ቁጥሩን። ምስክሩ ያላየው ክፍል ካለ ቦታው ባዶ ይተው እንጂ በግምት አይሞላ፤ ባዶ ቦታ ያለው መዝገብ ፍለጋውን ቢያሰፋው እንጂ ወደ ሰላማዊ ሰው ቤት አይመራውም።