ግሊሰሪኑ ምን አጠፋ?

እህቴ ዛሬ ጠዋት ከማርቆስ ደውላ "ያልከኝ ግሊሰሪን ጭራሽ አደረቀኝ" አለችኝ። ለካ ፊቷን ታጥባ፣ በፎጣ ጥርግ አድርጋ፣ ምንም ሳታቀጥነው ከጠርሙሱ ተቀብታ ንፋሱ ላይ ወጥታለች። በጥር! ያውም ማርቆስ!

ግሊሰሪን ውሃ ይስባል፤ ሂዩመክታንት የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። አየሩ እርጥብ ከሆነ ከአየሩም ያገኛል። የጥር አየር ግን ደረቅ ነው፤ ስለዚህ ከራሷ ቆዳ ሥር ስቦ አወጣው፣ ንፋሱም ወሰደው። ፊት ገና ውሃ እንዳለበት፣ ሁለት ሦስት ጠብታ በእርጥብ መዳፍ አሽቶ መቀባት ነው። ከዚያ በላዩ ክዳን ያስፈልጋል።

ክዳኑ ቫዝሊን ነው፤ ኦክሉሲቭ ይባላል። እንደ ጋቢ ነው። ጋቢ የራስን ሙቀት ይይዛል እንጂ ከየትም አያመጣም። ቫዝሊንም የሚይዘው ያገኘውን ውሃ ነው፤ ደርቆ ኩበት በሆነ ቆዳ ላይ ቢለጠፍ ጥቅሙ ያንሳል።

ቅቤስ? እናታችን በውርጭ ጠዋት ጉንጫችንን በቅቤ ወልውላ ነበር ትምህርት ቤት የምትልከን። የመንገዱ አቧራ ሁሉ እኛ ላይ ይለጠፍ ነበር! እኔ አፍሬ ወንዝ ወርጄ በሳሙና አጥበው ነበር፤ ማታ ጉንጬ ተሰነጣጥቆ ስታየኝ ምንም ሳትናገር እንደገና ትቀባኛለች። ይህን ሳስታውስ አሁንም ሆዴ ይባባል። እሷ ግድግዳ እንደምትመርገው ነበር የምታደርገው፦ ቅባቱ በተነሡት የቆዳ ቅርፊቶች መካከል ገብቶ ሻካራውን ይሞላል። ኢሞሊየንት ማለት ይኸው ነው፤ በመጠኑም ይከድናል።

ወደ ግሊሰሪኑ ልመለስ። በጎጃም ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ኖረው እግራቸው ያበጠባቸውን ታውቃላችሁ፤ ፖዶኮኒዮሲስ። ለእነሱ እግር መዘፍዘፍ የሕክምናው አንድ ክፍል ነው፤ ውሃ መቅዳቱ ግን ይከብዳል። በአገራችን ተሠርቶ በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የመዘፍዘፊያውን ውሃ ወደ አንድ ስድስተኛ ቀንሶ 2 በመቶ ግሊሰሪን ጨመረበት። ቆዳቸው በብዙ ውሃ ከሚዘፈዝፉት ይልቅ ተሻለው። ሁለት በመቶ ብቻ! እህቴ ግን ሙሉውን ተቀባችው።

"ታጠቢና ምንም ሳትቀቢ ግማሽ ሰዓት ቆይተሽ ዳስሺው" አልኳት። የሚወጥር ከሆነ ውሃ አንሶታል፣ ግሊሰሪን ያለበት ሎሽን። ሳይወጥር እጅ የሚይዝና አመድ የመሰለ ከሆነ አለስላሽ ቅባት። የተሰነጠቀ ወይም ውሃ ሲነካው የሚያቃጥል ከሆነ በእርጥቡ ቫዝሊን።

አሁን መልሳ ደወለች። ግንባሯ ወዝቷል፣ ጉንጯ ይወጥራል፣ ተረከዟ ተሰንጥቋል። ግንባርሽን ተዪው፣ ለጉንጭሽ ሎሽኑን፣ ለተረከዝሽ ቫዝሊን ቀብተሽ ካልሲ አድርገሽ ተኚ አልኳት።

"የእማዬ ቅቤስ?" አለችኝ። ዝም አልኩ።