ለወላጆች የሚላክ ወርኃዊ፦ በየትኛው ገንዘብ ይታሰብ?

በ2023 አባቴ አዲስ አበባ ውስጥ የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና አስፈለጋቸው። በዚያው ሳምንት ከደመወዜ ለጡረታ የሚቆረጠውን ቁጠባ አቋረጥሁ፤ የጎደለውንም በክሬዲት ካርድ አሟልቼ ላክሁ። አባቴ ዳኑ። ቁጠባው ወደ ነበረበት እስኪመለስ ግን ስምንት ወራት አለፉ። አሠሪዬ እኔ የማስቀምጠውን ያህል፣ እስከ ደመወዜ 5 በመቶ ድረስ፣ ከራሱ ይጨምርልኛል። ደመወዜ በዓመት 90,000 ዶላር ስለነበር በወር 375፣ በስምንት ወር 3,000 ዶላር ሳይሰጠኝ ቀረ። ሙያዬ ምጣኔ ሀብት ነው፤ በዚያ ሳምንት ግን አልረዳኝም።

ዕዳውን ከፍዬ ከጨረስሁ በኋላ የአንድ ዓመት የሐዋላ ደረሰኞቼን አውጥቼ ደመርሁ። ለእናቴ በየወሩ 300 ዶላር እልካለሁ ብዬ ነበር የማምነው። ይህ በዓመት 3,600 ይሆናል። ከዚህ ውጭ ግን ለሕክምና፣ ለጣሪያ እድሳት፣ ለለቅሶና ለዘመድ ችግር ሰባት ጊዜ ልኬ ነበር፤ ድምሩ 3,450 ዶላር። እውነተኛው ወርኃዊዬ እንግዲህ 300 ሳይሆን 590 ገደማ ነበር። ቁጠባዬን የሰበረው በየወሩ የምልከው አልነበረም፤ ስም ያልሰጠሁት ሁለተኛው ግማሽ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር፣ እ.ኤ.አ. 2024 ሲያበቃ ወደ 125 ደርሶ ነበር። እኔ 300 ዶላሬን ሳልነካ ቀጠልሁ። 17,100 ብር ይደርሳት የነበረችው እናቴ 37,500 ይደርሳት ጀመር። የኑሮ ውድነቱ ብርቱ ቢሆንም ዋጋ በእነዚያ ወራት በእጥፍ አልጨመረም። ልዩነቱ ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅ አሳፈረኝ። የላኩትን መልሶ መቁጠር መስሎ ታየኝ።

በመጨረሻ የጀመረችው እናቴ ናት። «ልጄ፣ ብሩ ባንክ ተቀምጧል፤ የሰማ ሁሉ ይበደረኛል። አንቺስ ስታረጂ ማን ይልክልሻል?» አለችኝ። በማግስቱ ስልክ ይዘን የቤቱን ወጪ አንድ በአንድ ጻፍን፦ ጤፉን፣ የሠራተኛዋን ደመወዝ፣ የአባቴን የደም ግፊት መድኃኒት፣ መብራትና ውኃ፣ ዕድሩን። የአባቴ የመምህርነት ጡረታ ተቀንሶ 25,000 ብር እንደሚበቃ ተስማማን። ይህ በ125 ሒሳብ 200 ዶላር ነው።

የቀረውን 100 ዶላር ለራሴ አላደረግሁትም። 150 ጨምሬበት በየወሩ 250 ዶላር በስሜ በተከፈተ፣ ከሌላው በተለየ ሒሳብ አኖራለሁ። እናቴ «የክፉ ቀን» ትለዋለች። በዓመት 3,000 ይሆናል፤ ባለፈው ድንገት ከላክሁት ብዙም አያንስም። በዶላር መቀመጡ ብር ሲረክስ አብሮ እንዳይረክስ ይጠብቀዋል፤ ቀዶ ሕክምና ሲመጣም ጡረታዬን ሳልነካ እልካለሁ። አጠቃላዩ በወር 450 ዶላር ነው፤ ሳላቅድ ከማወጣው ያነሰ።

ወርኃዊው የሚታሰበው ለምን በብር እንደሆነ ላስረዳ። የእናቴ ወጪ በብር ነው፤ የኔ ገቢ በዶላር። ቃሌን በዶላር ስሰጥ የምንዛሪው ንፋስ ሁሉ እርሷ ቤት ይገባል፣ ደግም ይሁን ክፉ። በብር ስሰጥ ንፋሱን እኔ እሸከማለሁ። ነገር ግን የብር ቃል ካልታደሰ ማታለል ይሆናል፤ ዋጋ እየጨመረ 25,000 ብር በየወሩ ይቀንሳልና። ስለዚህ በየመስከረምና በየመጋቢት ዝርዝሩን እንደገና እናነባለን። የምንከተለው የአገሪቱን አማካይ የዋጋ ንረት ሳይሆን የእናቴን ቅርጫት ነው። በመጀመሪያው ክለሳ ከሁሉ በላይ የጨመረው ከውጭ የሚገባው መድኃኒት ሆኖ ስለተገኘ ወርኃዊውን ወደ 28,000 ብር አሳደግን።

ይህ ዕቅድ ከአንድ ትልቅ ሕመም በላይ አይችልም። ሒሳቡ ከማደጉ በፊት ሁለት ቢደራረቡ አይበቃም። ለዚያ ቀን ከወንድሜ ጋር ቀድመን ተነጋግረን ከሒሳቡ በላይ የሚሆነውን እኩል ልንካፈል ተስማምተናል። አንድ በር ግን ዘግቻለሁ፦ የጡረታውን ገንዘብ ያለ ጊዜው ማውጣት። በአሜሪካ ሕግ፣ ከተወሰኑ ሁኔታዎች በቀር፣ ዕድሜ 59 ዓመት ተኩል ሳይሞላ የሚወጣ ገንዘብ ከገቢ ግብር በላይ 10 በመቶ ቅጣት አለበት።

ባለፈው ወር አንድ ዘመዳችን ለመኪና መግዣ ገንዘብ ጠየቁ። እናቴ ሳትነግረኝ «የክፉ ቀን ነው» ብላ መለሰቻቸው። ከሳምንት በኋላ ስትነግረኝ ዝም አልሁ። ያ እንቢታ ለዓመታት የኔ ሥራ ይመስለኝ ነበር።