ለዲሹ ስንት ፎይል ይበቃዋል?

ዘንድሮ ለእኛ ለ12ኛ ክፍል የሒሳብ ክበብ አባላት ከጣሪያ የወረደ አንድ አሮጌ ዲሽ ተሰጠን። በፀሐይ ብርሃን ሻይ የሚያፈላ ምድጃ ልንሠራበት አሰብን። ለዚህም የዲሹን ውስጥ በሚያንጸባርቅ ተለጣፊ ፎይል መሸፈን ነበረብን። ፎይሉ የሚገዛው ከየኪሳችን ባዋጣነው ገንዘብ ስለሆነ፣ ሱቅ ከመሄዳችን በፊት ምን ያህል እንደሚበቃን ማወቅ ፈለግን።

ዲሹ ክብ ነው፤ መቀበያው የሚቆመው ልክ ከመሃሉ ፊት ለፊት ነው። ዛሬ በየጣሪያው ከምናያቸው ትንንሽ ዲሾች ብዙዎቹ እንዲህ አይደሉም፤ መቀበያቸው ከመሃል ወጣ ያለ ስለሆነ የሚከተለው ስሌት ለእነሱ አይሠራም። የእኛ ዲሽ አፉ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ 120 ሴ.ሜ፣ መሃሉ ላይ ጥልቀቱ 20 ሴ.ሜ ነው። ስለዚህ ጎኑ y = x²/180 የተባለውን ፓራቦላ ይከተላል። እዚህ ላይ x ከመሃል ያለው ርቀት፣ y ደግሞ ከታች ያለው ከፍታ ነው። x 60 ሲሆን 3600 ለ180 ተካፍሎ 20 ይሰጣል። ይህን መስመር በመሃል ዘንጉ ዙሪያ አንድ ጊዜ ብናዞረው ዲሹ ይወጣል።

ዲሹን በሐሳባችን በቀጫጭን ቀለበቶች ከፋፈልነው። የእያንዳንዱ ቀለበት ዙሪያ 2πx መሆኑ ላይ ሁላችንም ተስማማን። ክርክሩ የተነሣው ስለ ቀለበቱ ወርድ ነበር።

አንዱ ወገን ወርዱ ወደ ጎን የሄድነው ርቀት፣ dx ነው አለ። ይህ ሲደመር 3600π፣ ማለትም 11,310 ካሬ ሴ.ሜ ይሆናል። ይህ ግን በዲሹ አፍ ላይ የሚገጠም የጠፍጣፋ ክዳን ስፋት ነው። ሌላው ወገን፣ ይዘት ስንሰላ እንደምናደርገው ከፍታውን፣ dyን እንውሰድ አለ። በዚህ መንገድ 1600π፣ ማለትም 5,027 ካሬ ሴ.ሜ ብቻ ተገኘ። ከክዳኑ ግማሽ እንኳ አይሞላም! በአንድ ክብ ጠርዝ ላይ ከሚወጠሩ ገጾች ሁሉ ትንሹ ጠፍጣፋው ስለሆነ፣ ይህ መልስ ሊሆን እንደማይችል ወዲያው ታወቀ።

ታዲያ dy ለይዘት ሠርቶ ለገጽ ለምን አልሠራም? ይዘት ስንሰላ ዲሹን በደረጃ መልክ በተደራረቡ ክቦች እንተካዋለን። በደረጃውና በጎኑ መካከል የሚቀሩት ክፍተቶች ደረጃው በቀጠነ ቁጥር ተደምረው ወደ ዜሮ ይጠጋሉ። የገጽ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ጠርዙ አጠገብ ጎኑ 3 ሴ.ሜ ወደ ውጭ ሲሄድ 2 ሴ.ሜ ያህል ይወጣል፤ በፓይታጎረስ መሠረት ፎይሉ የሚለጠፍበት ተዳፋት √13፣ ማለትም 3.6 ሴ.ሜ ገደማ ነው። ደረጃውን ሺህ ጊዜ ብናቀጥነውም የ2፣ የ3 እና የ3.6 ንጽጽር አይለወጥም፤ ጉድለቱም አይጠፋም። ስለዚህ ወርዱ ተዳፋቱ ራሱ መሆን አለበት።

የመስመሩ ስሎፕ x/90 ስለሆነ ተዳፋቱ √(1 + x²/8100) dx ነው። ስፋቱም እንዲህ ይጻፋል፦

S = 2π ∫ x √(1 + x²/8100) dx (x ከ0 እስከ 60)

u = 1 + x²/8100 ብለን ስንተካ x dx = 4050 du ይሆናል፤ u ከ1 ተነሥቶ 13/9 ይደርሳል። ውጤቱ 200π(13√13 − 27)፣ ማለትም 12,486 ካሬ ሴ.ሜ ገደማ ነው። ከጠፍጣፋው ክዳን በ1,176 ካሬ ሴ.ሜ ይበልጣል።

ወረቀት ላይ ያለውን በእጃችን ለማረጋገጥ የልብስ ሰፊ ሜትር ከመሃል እስከ ጠርዝ በዲሹ ጎን ላይ አስጠግተን ዘረጋን። 64 ሴ.ሜ ሆነ፤ ወደ ጎን ብቻ ሲለካ ግን 60 ነው። ጠፍጣፋ ፎይል ሳይጨማደድ እንዲህ ባለ ጎድጓዳ ላይ ስለማይተኛ፣ እንደ አበባ ቅጠል 12 ቦታ ቆረጥነው፤ እያንዳንዱ ቅጠል ቁመቱ 64፣ ጠርዙ ላይ ወርዱ 31.4 ሴ.ሜ ነው። ጎኖቹ እንደ ሦስት ማዕዘን ቀጥ ካሉ በቅጠሎቹ መካከል ክፍተት ይቀራል፤ መሃላቸው በትንሹ ሰፋ ማለት አለበት።

ፎይሉን ስንለጥፍ ከመካከላችን አንዷ፣ «ያ ትርፍ 1,176 ካሬ ሴ.ሜ ሙቀት ይጨምርልናል?» ብላ ጠየቀች። አይጨምርም። ዲሹ ወደ ፀሐይ ቀጥ ብሎ ሲዞር የሚሰበስበው በአፉ የገባውን ብርሃን ብቻ ነው፤ ያም 11,310 ካሬ ሴ.ሜ ነው። አፉ ያው ሆኖ ጥልቀቱ ቢጨምር፣ ብዙ ፎይል ይፈጃል እንጂ ተጨማሪ ፀሐይ አይዝም። የመጀመሪያው ወገን ቁጥርም ከንቱ አልነበረም፤ ምን ያህል ፀሐይ እንደምናገኝ የሚነግረን እሱ ነው። ምን ያህል ፎይል እንደምንገዛ የሚነግረን ግን ተዳፋቱ ነው።