ፈተናው ሲደራረብ የትኛው ይቅደም?

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ፍቅር አይደለም። ሴሚስተር ሊያልቅ ሲል ስለሚመጣው ጭንቅ ነው። ፈተናው፣ አሳይመንቱ፣ ኩዊዙ ሁሉ በአንድ ሳምንት ተጠራቅሞ "ከኔ ጀምር፣ ከኔ ጀምር" ሲል ማንን ታስቀድማላችሁ?

እኛ ሰፈር፣ ኢምፔሪያል፣ በማታው ክፍለ ጊዜ የሚማር ወጣት ሞልቷል። እንደታዘብኩት አብዛኛው የሚመርጠው በሁለት መንገድ ነው። ወይ ቀኑ የደረሰውን ያነባል፣ ወይ የሚወደውን። የሚፈራውን ትምህርት ለመጨረሻዋ ሌሊት ያቆየዋል። ስንት ነጥብ የት እንደተቀመጠ ግን የሚያሰላ ጥቂት ነው።

የአክስቴን ልጅ ነገር ላጫውታችሁ። ቀን ቀን እዚሁ ኢምፔሪያል አንድ ሱፐርማርኬት ውስጥ ካሸር ናት፤ ማታ ማታ አካውንቲንግ ትማራለች። ባለፈው ሴሚስተር መጨረሻ ለጥናት የቀራት ጊዜ ሲደመር 16 ሰዓት ብቻ ነበር። ከፊቷ ሦስት ነገር ተደቅኗል፦ ከ50 የሚታሰብ የአካውንቲንግ ፋይናል፣ ከ50 የሚታሰብ የኢኮኖሚክስ ፋይናል፣ እና ከ10 የሚታሰብ የስታቲስቲክስ አሳይመንት። የስታቲስቲክሱ ፋይናል ገና ስለሆነ ለጊዜው እንተወው።

የሷ እቅድ እንዲህ ነበር። ቅዳሜን ሙሉ አሳይመንቱን በባለ ቀለም ግራፍ ታሳምራለች። ከዚያ የምትወደውን ኢኮኖሚክስ ትችክላለች። አካውንቲንግ በተረፈው ሰዓት። "እሱማ ያው ነው፣ ብዙ አልጠብቅም" አለችኝ።

እኔ ኮሌጅ አልበጠስኩም፤ የተማርኩት እስከ 12ኛ ነው። ይህን ለማስላት ግን ዲግሪ አያስፈልግም። ወረቀት አውጪና ለያንዳንዱ ሦስት ቁጥር ጻፊ አልኳት። አንደኛ፣ ከመቶው ስንት ይይዛል? ሁለተኛ፣ ዛሬ ሳታጠኚ ብትቀመጪ ስንት ታመጫለሽ? ሦስተኛ፣ አጥንተሽ ብትቀመጪስ? የሁለተኛውና የሦስተኛው ልዩነት ነው ገና ሊገኝ የሚችለው ነጥብ። እሱን ለሚፈጀው ሰዓት ስታካፍይው የአንድ ሰዓት ጥናት ዋጋ ይወጣል።

አስቸጋሪው ሁለተኛው ቁጥር ነው፤ ሰው ስለራሱ ሲገምት ይዋሻል። የሚወደውን ከፍ፣ የሚፈራውን ደግሞ እንደስሜቱ ያደርገዋል። ስለዚህ ካለፈው ዓመት ፈተና ፎቶ ኮፒ አምጥታ፣ ደብተር ዘግታ፣ ሰዓት ይዛ ሠራችው። ራሷ ስታርመው አካውንቲንግ ከ50 ውስጥ 25 ሆነ። ኢኮኖሚክስ 38። የትኛው ምዕራፍ እንደጣላትም በዚያው ታየ፤ አካውንቲንግ ላይ የሸሸው ነጥብ አብዛኛው ከአንድ ቦታ ነው፤ በሒሳብ ዘመኑ መጨረሻ ከሚደረገው ማስተካከያ፣ እነሱ አጀስቲንግ ኢንትሪ ከሚሉት።

አሁን እናስላው። አካውንቲንግን 10 ሰዓት ብታጠና፣ የጣላት አንድ ምዕራፍ ስለሆነ፣ ከ25 ወደ 35 መድረስ ትችላለች። 10 ነጥብ በ10 ሰዓት፣ ማለትም በሰዓት አንድ ነጥብ። ኢኮኖሚክስን 10 ሰዓት ብታጠና ከ38 ወደ 42 ብትወጣ ነው፤ ሞልቶ የተረፈው ጥቂት ነዋ! በሰዓት ግማሽ ነጥብ እንኳ አይሞላም። ሁለቱም ከ50 የሚታሰቡ ናቸው፤ ክብደታቸው እኩል ነው። የለያያቸው የቀረው ነጥብ ነው።

አሳይመንቱስ? እዚህ ላይ ነው ጨዋታው። ካላስረከበችው ዜሮ ነው። ሁለት ሰዓት ሰጥታ መልሱን በትክክል ብትሠራው 7 ታገኛለች፤ በሰዓት ሦስት ነጥብ ተኩል። ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው! ነገር ግን ሌላ ስድስት ሰዓት ጨምራ ግራፉን ብታሳምር የምትጨምረው ሁለት ነጥብ ብቻ ነው። በሰዓት የነጥብ ሲሶ ማለት ነው። እንግዲህ አንድ ሥራ ሁልጊዜ አንድ ዋጋ የለውም። የመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ወፍራም ናቸው፣ የኋለኞቹ ይቀጥናሉ። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት "አሳይመንቱ ይቅደም ወይስ ፈተናው?" ሳይሆን "የቀጣዩ ሰዓት ዋጋ የት ይበልጣል?" ነው።

በዚህ መሠረት ሰዓቷን አከፋፈለች። 2 ለአሳይመንቱ፣ 10 ለአካውንቲንግ፣ 4 ለኢኮኖሚክስ።

ነጥብ ብቻውን ግን ግሬድ አይደለም፤ ግሬዱ የሚቀየረው አጥር ሲዘለል ነው። እሷ ባለችበት ኮሌጅ 50 ሲሞላ ሲ፣ 65 ሲሞላ ቢ ማይነስ፣ 80 ሲሞላ ኤ ማይነስ ይሰጣል። አካውንቲንግ ላይ ከፋይናሉ በፊት 31 ይዛለች። በ25 ብትገባ 56፣ ሲ ነው፤ በ35 ብትገባ 66፣ ቢ ማይነስ። ሲ 2 ነው፣ ቢ ማይነስ 2.75። የትምህርቱ ክሬዲት አወር 4 ስለሆነ ልዩነቱ 0.75 በ4 ሲባዛ 3 ይሆናል። ኢኮኖሚክስ ላይ 44 ይዛለች። በ38 ብትገባ 82፣ ኤ ማይነስ፤ በ42 ብትገባ 86፣ ኤ። ይሄ ከ3.75 ወደ 4 መውጣት ነው፣ ክሬዲቱም 3 ነው። ውጤቱ 0.75 ብቻ። በዚያው 10 ሰዓት አንዱ የሌላውን አራት እጥፍ ያስገኛል! ለመመረቅ አጠቃላይ ነጥቡ 2.00 መሙላት ስላለበት፣ ጫፍ ላይ ላለ ተማሪ ይሄ ቀልድ አይደለም።

ስሌቱ የሚያታልልበትም ቦታ አለ። ኢኮኖሚክሱ 82 ባይሆንና 79 ቢሆን ኖሮ፣ አንዲት ነጥብ አጥር ታዘልል ነበርና ቅደም ተከተሉን እንደገና ማየት ግድ ነው። ሌላው፣ ያለፈው አይመለስም። አካውንቲንግ ላይ የተጣለው 19 ነጥብ ሄዷል፤ ፋይናሉን 50 ከ50 ብታመጣ እንኳ ጣሪያዋ 81 ነው። በሱ መብሰልሰል ሰዓት መጣል ነው። ደግሞም የሚቀጥለውን ሴሚስተር ኮርስ የሚዘጋ ትምህርት ካለና የመውደቅ ስጋት ካለበት፣ ቁጥሩ ምንም ይበል ምን እሱ ይቀድማል።

ከአራት ሰዓት ጥናት በኋላ አንድ መለኪያ አለ። ሌላ ያልተነካ ወረቀት ውሰዱና ሥሩ። ነጥቡ ካልተንቀሳቀሰ የምታነቡት የምታውቁትን ነው፣ ወይ መነሻው አልገባችሁም። ስለዚህ ወይ ምዕራፍ ቀይሩ፣ ወይ የሚያስረዳ ሰው ፈልጉ። የአክስቴ ልጅ በአራተኛው ሰዓት ከ25 ወደ 30 ደርሳ ስላየች ቀጠለች።

ውጤቱ? አሳይመንቱ 7፣ አካውንቲንግ 67፣ ኢኮኖሚክስ 81። ኢኮኖሚክሱ "ኤ" ባለመሆኑ ትንሽ ከፋት። ምን ታደርጉታላችሁ፣ የሚወዱትን መተው መቼ ቀላል ሆኖ ያውቃል?