ጋብቻው ገባ፣ ፍርዱ በር ላይ ቀረ

ውጭ አገር ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ነገር አለ። «ቲቸር፣ እዚህ ፍርድ ቤት የወሰነልኝ ነገር አዲስ አበባ ይሠራል ወይ?» የምትል ጥያቄ። ለአንድ በአንድ ከመመለስ እዚህ ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው። አንድ ነገር ላስቀድም፤ እኔ የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ እንጂ ጠበቃ አይደለሁም። ይህን ጉዳይ የማውቀው የአክስቴን ልጅ ወረቀት ይዤ ከአንድ ዓመት በላይ ስለተመላለስኩበት፣ ማታ ማታም የሕጉን መጽሐፍ ስላገላበጥኩ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። የአክስቴ ልጅና ባለቤቷ የተጋቡት አሜሪካ፣ ሲያትል ውስጥ ነው። ሁለቱም ኢትዮጵያዊ ዜግነታቸውን አልቀየሩም። በትዳራቸው ጊዜ ባጠራቀሙት ገንዘብ አዲስ አበባ ቤት ገዙ፤ ካርታው በባልየው ስም ወጣ። ከዓመታት በኋላ ተፋቱ። የሲያትሉ ዳኛ ንብረቱን ሲያካፍል እዚያ ያለውን ለእሱ፣ የአዲስ አበባውን ቤት ለእሷ ወሰነ። እሷም ማኅተም ያለበትን ፍርድ በሰው እጅ ላከችልኝና «ወንድሜ፣ ስሙን አዛውርልኝ» አለችኝ።

ወረቀቱን ይዤ ካርታ ወደሚሰጠው ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ባለሙያው አገላብጦ አየውና «ጋሼ፣ ይሄ የኛ ፍርድ ቤት ትእዛዝ አይደለም፤ እኛ በዚህ ስም አናዛውርም» አለኝ። እውነቱን ለመናገር ሰውየው ልክ ነው። የሲያትል ዳኛ ለአዲስ አበባ ሠራተኛ ትእዛዝ የመስጠት ሥልጣን የለውም። የኛም ዳኛ ለሲያትል ባንክ ትእዛዝ መስጠት እንደማይችል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚገረምበትን ነገር ልንገራችሁ። ያው ጋብቻ፣ ያው ሲያትል የተፈጸመው ጋብቻ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ምንም የፍርድ ቤት ፈቃድ ይጸናል። አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) አንቀጽ 5 እንደሚለው፣ ውጭ አገር የተፈጸመ ጋብቻ በተፈጸመበት አገር ሕግ መሠረት ከሆነና የሕዝብን ሞራል ካልተቃረነ እዚህም ጋብቻ ነው። የሕግ ሰዎች «የሕግ ምርጫ» የሚሉት ይሄን ነው። ዳኛው አንድን ጉዳይ በየትኛው አገር ሕግ ይመዝነው? ለጋብቻ ሥርዓት መልሱ የተፈጸመበት ቦታ ሕግ ነው ማለት ነው።

ፍርድ ግን እንደ ጋብቻ አይደለም። ጋብቻ ሁለት ሰዎች የፈጸሙት ነገር ነው፤ ፍርድ ደግሞ የአንድ መንግሥት ትእዛዝ ነው። የሌላ መንግሥት ትእዛዝ እዚህ እንዲፈጸም ከተፈለገ የኛ ፍርድ ቤት መጀመሪያ በሩን መክፈት አለበት። መቼ እንደሚከፍት የሚናገረው የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ሲሆን፣ ከአንቀጽ 456 ጀምሮ ያሉትን ጥቂት ድንጋጌዎች ማንበብ ነው። ማመልከቻው የሚቀርበው ለከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። ከማመልከቻው ጋር ሁለት ነገር ይያያዛል፤ የተረጋገጠ የፍርዱ ግልባጭ፣ እና ፍርዱ የመጨረሻና የሚፈጸም መሆኑን የሚገልጽ፣ የፈረደው ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ወይም ሬጅስትራር የፈረመበት ምስክር ወረቀት።

ይህች ሁለተኛዋ ወረቀት ናት ብዙ ሰው የሚያጣት። የአክስቴ ልጅ የላከችው ፍርዱን ብቻ ነበር። ፍርዱ ላይ «የመጨረሻ» የሚል ቃል መጻፉ ብቻውን አይበቃም፤ ራሱን የቻለ ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። በዋሽንግተን ስቴት የይግባኝ ጊዜው በመደበኛው 30 ቀን ነው። ስለዚህ ያ ጊዜ ካለፈ በኋላ የፍርድ ቤቱን ጸሐፊ «ይግባኝ አልቀረበበትም፣ ይፈጸማል» ብሎ ጽፎ እንዲፈርም መጠየቅ ነው። ከዚያ ወረቀቱ እዚያው አገር ይረጋገጣል፣ ኤምባሲያችን ያየዋል፣ እዚህ ደግሞ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና ትርጉም ቤት ይቀጥላል።

ወረቀቱ ከተሟላ በኋላ የኛ ዳኛ የሚጠይቀው ምንድን ነው? አንቀጽ 458 አምስት ነገር ይዘረዝራል። የሲያትሉ ዳኛ በትክክል አካፍሏል ወይስ አላካፈለም የሚለው ከአምስቱ ውስጥ የለም። የፈረደው ፍርድ ቤት በሕግ የተቋቋመ ነው ወይ? የተፈረደበት ሰው ቀርቦ የመከላከል ዕድል አግኝቷል ወይ? ፍርዱ የመጨረሻ ነው ወይ? ቢፈጸም የሕዝብን ሰላምና ሞራል ይቃረናል ወይ? በነዚህ በአራቱ የአክስቴ ልጅ ጉዳይ ችግር አልነበረበትም። ባልየው መጥሪያ ደርሶት፣ ጠበቃ ይዞ፣ ተከራክሮ ነው የተፈረደው። ባል ወይም ሚስት አድራሻው ሳይታወቅ በሌለበት የተፈረደ ቢሆን ኖሮ ግን «የመከላከል ዕድል» የምትለዋ ጥያቄ ራሷን የቻለች ሙግት ትሆን ነበር።

ከባዷ በዝርዝሩ የመጀመሪያዋ ናት። ፍርዱ የተሰጠበት አገር የኢትዮጵያን ፍርድ ይፈጽማል ወይ? በሰፈር አማርኛ፣ «አንተ የኔን ካከበርክ እኔም ያንተን አከብራለሁ» ማለት ነው። የሕጉ ቃል የሚጠይቀው በዚያ አገር የኢትዮጵያ ፍርድ መፈጸም መፈቀዱን ነው፤ ስምምነት ይኑር አይልም። ነገር ግን በሁለቱ አገሮች መካከል የተፈረመ ስምምነት ካልታየ በቀር አይሆንም የሚል አነባበብ አለ። አሁን አስቡት። አሜሪካ ፍርድን በጋራ ለማስፈጸም ከየትኛውም አገር ጋር በሥራ ላይ ያለ የሁለትዮሽ ስምምነት የላትም። በዚህ አነባበብ ከሄድን አንድም የአሜሪካ ፍርድ በዚህ በር አይገባም። የሕጉን ቃል ከተከተልን ግን አመልካቹ የዚያን ስቴት ሕግና አሠራር በማስረጃ አቅርቦ «እነሱ የውጭ ፍርድ ይቀበላሉ» ብሎ ሊከራከር ይችላል። እንግዲህ ክርክሩ ያለው እዚህ ነው። ያማከርኳቸው ጠበቃም «ልንሞክር እንችላለን፣ ግን ቃል አልገባም» አሉኝ።

ሌላው አማራጭ ፍርዱን ትቶ እዚሁ አዲስ የንብረት ክፍፍል ክስ መክፈት ነበር። ያኔ የሲያትሉ ወረቀት ትእዛዝ መሆኑ ቀርቶ ማስረጃ ይሆናል ማለት ነው። ክርክሩ ከዜሮ ይጀምራል፤ የሕግ ምርጫ ጥያቄም አብሮ ይመጣል፤ የንብረቱ ድርሻ የሚለካው በኛ ሕግ ነው ወይስ በሲያትል? ለዚህ ጥያቄ ራሱን የቻለ፣ የተሟላ ሕግ ኢትዮጵያ ገና አላወጣችም። መሬትና ቤት ላይ ግን በብዙ አገር የሚሠራበት መመሪያ ያው ነው፤ ቤቱ ባለበት አገር ሕግ።

ነገሩን የፈታልን መንገድ የመጣው ከአንድ የቆየ የአሜሪካ ክስ ነው። በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1909 የተወሰነ፣ ፎል እና ኢስቲን የሚባል ክስ ነው። የሚገርመው፣ እሱም የተጀመረው እዚያው ዋሽንግተን ስቴት ነው። ባልና ሚስት ተፋቱ፤ የዋሽንግተን ፍርድ ቤት ሌላ ስቴት፣ ነብራስካ ያለውን መሬት ለሚስት ወሰነ። ባልየው አልፈርምም ሲል ፍርድ ቤቱ የሾመው ሰው በሱ ፈንታ የስም ማዛወሪያውን ፈረመላት። ባልየው በጎን መሬቱን ለእህቱ አዛወረ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ምን አለ? ዋሽንግተን የተፈረመው ወረቀት የነብራስካን መሬት ባለቤትነት አያዛውርም አለ። አያችሁ፣ በአንድ አገር ውስጥ ባሉ ሁለት ስቴቶች መካከል እንኳ እንዲህ ነው!

ግን በዚያው ውሳኔ ውስጥ ቁልፉም አለ። ፍርድ ቤት ሩቅ ያለን መሬት በእጁ መንካት አይችልም፤ ፊቱ የቆመውን ሰው ግን ማዘዝ ይችላል። ያ ሰው ራሱ ከፈረመ ደግሞ ፊርማው መሬቱ ባለበት ቦታ ይሠራል። የሚሠራው የሱ ፊርማ ስለሆነ ነው፤ የዳኛው ፍርድ ስለሆነ አይደለም።

ስለዚህ የአክስቴ ልጅ ጠበቃዋን ይዛ ወደ ሲያትሉ ዳኛ ተመለሰች። «ቤቱ የሷ ነው» ከሚለው ውሳኔ በተጨማሪ፣ ባልየው ቤቱን ለእሷ ለማዛወር የሚያስችል ውክልና በቀነ ገደብ ኤምባሲ ቀርቦ እንዲሰጥ፣ እምቢ ካለ ደግሞ ፍርድ ቤት በመድፈር እንዲጠየቅ ጠየቀች። ዳኛው ፈቀደላት። ሰውየው ሲያትል ይሠራል፣ ደመወዙም ቤቱም እዚያው ነው፤ የፍርድ ቤት ቅጣት የሚያስከትለውን ያውቃል። ፈረመ። ውክልናው ተረጋግጦ እኔ ዘንድ ደረሰ፤ በሚመለከታቸው ቦታዎች አለፈ፤ ያ «አናዛውርም» ያለኝ ባለሙያ ራሱ ፋይሉን ተቀብሎ አስተናገደኝ። ያኔ ያመጣሁለት የውጭ ፍርድ አልነበረም። የካርታው ባለቤት ራሱ የሰጠው ውክልና ነበር።

ይህ መንገድ ልክ አለው። ሰውየው ከፍቺው በኋላ ጠቅልሎ አዲስ አበባ ገብቶ ቢሆን ኖሮ፣ የሲያትሉ ዳኛ ትእዛዝ ጥርስ አይኖረውም ነበር። እንደ ነብራስካው ባል ቤቱን ቀድሞ ለሌላ ሰው ቢያዛውረውም ነገሩ ሌላ ሙግት ይሆን ነበር። እንዲህ ያለ ስጋት ካለ ውጭ ያለውን ክስ ሳይጠብቁ እዚህ ጠበቃ ይዞ ቤቱ ላይ እግድ የሚጠየቅበትን መንገድ መመልከት ነው።

እና ጥያቄያችሁን ስመልስ፤ ፍቺ ላይ ያላችሁ፣ እዚህ ንብረት ያላችሁ ልጆች፣ ፍርዱ ከመጻፉ በፊት ጠበቃችሁን ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ፍርዱ «ቤቱ የእገሌ ነው» ብቻ ሳይሆን «እገሌ ውክልና ይፈርም፣ እስከዚህ ቀን» ይበል። ሁለተኛ፣ የይግባኝ ጊዜው እንዳለፈ የሬጅስትራሩን ምስክር ወረቀት ውሰዱ፤ ዛሬ ባያስፈልጋችሁ ነገ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሲጠይቃችሁ ከዚህ ሆኖ ማስመጣቱ ወራት ይፈጃል። ሁለቱንም መጠየቅ የሚቀለው ባልና ሚስቱ እዚያው ዳኛ ፊት ቆመው ሳለ ነው።